ለ11 የቤተሰብ አባላት የሚመች አንድ ሰዓት እንዴት ይገኛል? (ጅማ)

የቆጪ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነው የምኖረው። የቤተሰብ ማኅበር አለን፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ። በየወሩ እናዋጣለን፣ ሲገጥመን ደግሞ እንገናኛለን። አሁን ግን የግድ መገናኘት አለብን። የአያታችን ቤት ቆርቆሮ ዝጎ አልቋል፣ ሰኔ ሳይገባ መቀየር አለበት። ከማኅበሩ ገንዘብ ለማውጣት ቁጭ ብለን መወሰን ይኖርብናል።

የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው አዋቂ 11 ነው። የሰዓት ምርጫ በፖል አወጣሁ። አምስት አማራጭ ሰጠሁ፦ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት፣ እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት። ውጤቱ ቅዳሜ 5፣ እሑድ ጠዋት 2፣ እሑድ ከሰዓት 1 ሆነ። ሦስት ሰው አልመረጠም። ያልመረጡት ደግሞ ትልቁ አጎታችን፣ ገንዘብ ያዧ አክስታችንና ነርሷ እህቴ ናቸው!

ከፖሉ ሥር የመጣው መልስ ይህን ይመስላል፦

«ለእኔ ሁሉም ይመቸኛል»
«የትኛው ቅዳሜ?»
«እሺ»
«ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፣ ግን እናንተ ቀጥሉ»
(የምትስቅ ድመት ስቲከር)

ከዚያ ወዲያ ወሬው ወደ አርሴናል ዞረ። ፖሉ ወደ ላይ ሄዶ ጠፋ። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

---

ሳሚ ቴክ

ችግሩ የፖሉ አሠራር ነው። ፖል ስትፈጥር ከታች `Anonymous Voting` የሚል አለ፣ አጥፋው። ያኔ ማን የቱን እንደመረጠ ይታያል። `Multiple Answers` የሚለውን ደግሞ አብራው። አንድ ሰው የሚመቹትን ሁሉ ይነካል። ፖሉ ከተላከ በኋላ ግን ይህን ማስተካከል አትችልም፣ አዲስ ነው የምታወጣው። ከዚያ ፒን አድርገው። ፒን ስታደርግ ለሁሉም ማሳወቂያ ይሂድ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ይሂድ በል። አርሴናልም ቢመጣ ከላይ ተለጥፎ ይቆያል።

በሁለተኛው ቀን ዝጋው። ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፣ አለቀ። ብዙ አትጨነቅ።

---

ገነት ዘ ጅማ

አዳራሽ ከሆነ የምትፈልጉት እኛ ሰፈር አለ። ለ30 ሰው ይበቃል፣ ወንበር ከነጠረጴዛው። ቡና የምታፈላ ልጅም አለች። ቅዳሜ ግን ተይዟል።

---

የቆጪ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ገነት፣ ቦታው የአያታችን ቤት ነው። የጠፋብን ሰዓቱ ነው 😄

ሳሚ፣ ስም እንዳይታይ ሆኖ ነበር የወጣው፣ እሱ ልክ ነህ። አጎታችን ግን በቁልፍ ስልክ ነው የሚጠቀሙት። ፖል ቢለጠፍ ቢላጥ አያዩትም።

---

የዕድር ጸሐፊ

ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቼዋለሁና ትንሽ ልበል።

ሳሚ ስም ይታይ ያልከው ትክክል ነው። «ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል» ያልከው ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ቅዳሜ 5 ድምፅ አገኘ። እሺ፣ አምስቱ መጡ እንበል። ገንዘብ ያዧ ከሌለች ሳጥን ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ይናገራል? ታላቁ ከሌሉ የአያት ቤት ጣሪያ ይነሳ ብሎ ማን ይወስናል? አምስት ሰው ተሰብስቦ ቡና ጠጥቶ፣ «በሚቀጥለው እንወስን» ብሎ ይበተናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ተወውና ሰውን ለይ። ያለ እነሱ ስብሰባው ስብሰባ የማይሆን ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ከሦስት አራት አይበልጡም። ሌላው ቢመጣ ደስ ይላል፣ ባይመጣም ውሳኔው ይነገረዋል። ዕድር ላይ ደንቡ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚል ቁጥር እንቆጥራለን። ቤተሰብ ላይ ግን ቁጥሩ ሞልቶ ዋናው ሰው ከጎደለ፣ ደንቡ አያድንህም።

እነዚህን ሰዎች ግሩፕ ላይ አትጠይቃቸው። ደውልላቸው። ጊዜው ከሁሉ ከጠበበው ጀምር። ሰፊ ጊዜ ያለውን መጨረሻ ትጠይቀዋለህ፣ እሱ በተረፈው ይገባል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ቶሎ የሚያነሳውን አስቀድሞ ጠይቆ ከእሱ ጋር ሰዓት ይቆርጣል፣ ከዚያ ዋናው ሰው ጋ ሲደርስ ሁሉም ይፈርሳል።

ሲጠይቁም «መቼ ይመችሃል?» አይባልም። «ሁሌም ይመቸኛል» ነው መልሱ፣ ይሉኝታ ነው። «መቼ ፈጽሞ አትችልም?» ብለህ ጠይቅ። ያኔ እውነቱ ይወጣል። አንዱ ሐሙስ ገበያ አለኝ ይላል፣ አንዷ ሰንበቴ አለብኝ ትላለች። የማይቻለውን ከሳምንቱ ላይ ስትሰርዝ የሚተርፍህ ሁለት ቦታ ቢሆን ነው። ግሩፑ ላይ የምታወጣው ያንን ሁለቱን ብቻ ነው። አምስት አማራጭ ስትሰጥ ድምፁ ይበታተናል፣ አንዱም አይጠራም።

ግንቦት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሠርግ ካርድ ቁጠሩ። ጾም ተፈቶ ክረምት እስኪገባ ቅዳሜና እሑዱ የሠርግ ነው። በሠርግ ቀን የቀጠርከው ስብሰባ ከነጭራሹ አይቆጠርም።

---

ፈረቃ

ነርስ ነኝ፣ ስለ እህትህ ልናገር። መልስ ያልሰጠችው ችላ ብላ አይመስለኝም። የፈረቃ ፕሮግራም ሳይለጠፍ «እችላለሁ» ማለት አንችልም። ብለን ባንገኝ ውሸታም ነን፣ «አልችልም» ብንል ደግሞ ኩሩ ነን።

ጥያቄውን ቀይርላት። «ግንቦት 9 ትችያለሽ?» ከማለት «የፈረቃ ፕሮግራምሽ መቼ ይወጣል?» በላት። ከወጣ በኋላ ፎቶ አንስታ ትላክልህ። ፕሮግራሙን ስታይ አዳር ያለበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ማግስቱንም ቁጠር። ቅዳሜ አዳር ከሆነች እሑድ ጠዋት ነው የምትወጣው። 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ብትጠራት አካሏ ይመጣል፣ እሷ ግን አትመጣም። ከሰዓት 8 ሰዓት ከሆነ ግን አራት አምስት ሰዓት ተኝታ ትደርሳለች። ለሰው «እሑድ ፈረቃ የላትም» ይመስለዋል፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑ ቀድሞ ከታወቀ ፈረቃ መቀያየር እንችላለን። ዋዜማው ላይ ከተነገረን አንችልም።

---

ከወዲያ ማዶ

እኔ ዋሽንግተን ነኝ፣ ቤተሰቤ ጅማና አጋሮ ነው። እኛንም አስቡን 🙏

ባለፈው የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ «9/9፣ 8 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። ለእናንተ ግልጽ ነው፣ ግንቦት ዘጠነኛው ወር ነው። እዚህ ለተወለደችው ልጄ ግን ሴፕቴምበር 9 ነው። ጭራሽ መስከረም አካባቢ መሆኑ ነው! የአጎቴ ልጅ ደግሞ ግንቦትን ሜይ ብላ ሜይ 9 ጠበቀች። ግንቦት 9 የዋለው ሜይ 17 ነበር። ስምንት ቀን ቀድማ ነው የተዘጋጀችው።

ሰዓቱም እንደዚያው። 8 ሰዓት ስትሉ እኔ በአበሻ አቆጣጠር ቆጥሬ ከሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ልጆቹ ግን ስልካቸው ላይ 8:00 የሚለውን ነው የሚያዩት። የጅማ 8 ሰዓት ከሰዓት በስልክ 14:00 ነው፣ እኛ ጋ በዚህ ወቅት ጠዋት 7:00። በ8:00 የገቡት ልጆች አንድ ሰዓት አልፏቸው ነበር። ከኅዳር በኋላ ከሆነ ደግሞ የእኛ ሰዓት ወደኋላ ስለሚመለስ ያው የጅማ 8 ሰዓት እዚህ 6:00 ይሆናል። የእናንተ አይቀየርም፣ የእኛ ነው የሚቀየረው።

ስለዚህ የቀኑን ስም፣ የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን ጻፉልን። አንድ መስመር ናት።

---

ባለ ብዙ ኮሚቴ

የእኔ ከዚህ ይብሳል። የሰፈር መንገድ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ሰባት ነን። ሁላችንም ተስማምተን ቀን እንቆርጣለን። ሰብሳቢያችን ዋዜማው ማታ 3 ሰዓት ላይ «ወደ 10 ሰዓት ብናደርገውስ?» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ያዩታል፣ አምስቱ ያላዩ በድሮው ሰዓት ይመጣሉ። መጥተው ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሁለቱ በ10 ሰዓት ይመጣሉ። አሁን እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

---

የዕድር ጸሐፊ

እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። የተቆረጠ ሰዓት የሚቀየረው ጸሐፊው ለሁሉም ደውሎ ሁሉም እሺ ካለ ብቻ ነው። አንድ ሰው ስልክ ካላነሳ ሰዓቱ ባለበት ይጸናል። ሰብሳቢ ቢሆንም አይችልም። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ የመደወሉን ሥራ ስላዩት «ብናደርገውስ» ማለቱ ራሱ ቀነሰ።

---

የቆጪ ልጅ

የዕድር ጸሐፊ እንዳሉት አደረግኩ። ደወልኩ። የወጣውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትልቁ አጎታችን ጋ። ጅሬን ነው የሚኖሩት። «መቼ አይችሉም አባባ?» አልኳቸው። ሐሙስ ገበያ ይወርዳሉ። ዓርብ ጁምዓ አለ። በሌላው ቀን ይችላሉ፣ ግን ዙሁር ሰግደው ነው የሚመጡት፣ መግሪብ ሳይደርስ ደግሞ ቤታቸው መሆን ይፈልጋሉ። አስር ሶላት እዚያው ይሰግዳሉ። ስለዚህ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለ ማቋረጥ እናገኛቸዋለን። ይህን ፖል ላይ በምን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ አክስታችን። ሱቋ እዚሁ ጅማ መርካቶ ነው። ሐሙስና ቅዳሜ አትነቃነቅም። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ሱቅ ዝጊ የምትለኝ ጤነኛ ነህ?» አለችኝ። ፖሉ ላይ ያልመረጠችው ለካ ተናዳ ነው። እሑድ ከሰዓት ትዘጋለች።

ከዚያ ወንድሜ። ፕሮቴስታንት ነው፣ እሑድ እስከ 6 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው። ታላቅ እህታችን ደግሞ ኦርቶዶክስ ናት። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ በወሩ መጀመሪያ እሑድ ደግሞ ሰንበቴ አለባት። ግንቦት 2 በዚህ ወደቀ።

የቀረው ግንቦት 9 እና ግንቦት 16፣ እሑድ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ያገኘው አማራጭ ማለት ነው! ቅዳሜን የመረጡትን አምስቱን ደግሞ አንድ በአንድ «እሑድ ከሰዓት ፈጽሞ የማትችል ማነህ?» አልኳቸው። አልችልም ያለው አንዱ ብቻ ነው። አራቱ ቅዳሜን የነኩት መጀመሪያ ዓይናቸው የገባው እሱ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን በአካል አይመጣም። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ እሑድ ማታ ተነስቶ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል ማለት ዘበት ነው። በስልክ ይገባል።

---

ሳሚ ቴክ

እሺ፣ ተሸንፌያለሁ 😅 ግን አሁን ሁለቱን ቀን በፖል አውጣ፣ ስም የሚታይ። ለአዲስ አበባው ወንድምህ ግሩፑ ላይ ያለውን `Video Chat` ክፈትለት፣ አድሚን ከሆንክ ይከፍትልሃል። ኔትወርክ ቢቆረጥ ግን ጠብቁኝ ብሎ ስብሰባውን እንዳያቆመው፣ በተራ ስልክ ደውሉለትና ድምፁን ክፈቱት። ማስታወሻውንም አሁኑኑ ጽፈህ የመላኪያውን ቁልፍ ተጫንና ያዝ፣ `Schedule Message` ይልሃል። ዋዜማው ማታ ራሱ ይላካል፣ አንተ ብትረሳም።

---

የዕድር ጸሐፊ

ፖሉን አውጣው፣ ግን መዝጊያ ቀን ጻፍበት። «እስከ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ በብዙኃኑ ተስማምቷል ማለት ነው» በል። ይህች መስመር ከሌለች ድምፅ መሰብሰቡ እስከ ክረምት ይቀጥላል።

ሌላም አለ። 8 ሰዓት ካልክ ሰው 9 ሰዓት ነው የሚሰበሰበው። አንተ ደግሞ ያለህ ጊዜ አስር ሶላት እስኪደርስ ነው። የተጠራው 8 ሰዓት ከሆነ የምትወያዩበት ሠላሳ ደቂቃ ቀረህ። እኛ ጥሪውን ሰባት ተኩል እናደርገዋለን።

---

መሠረት

ሁለቱንም ነገር አልስማማም።

አንደኛ፣ ዝምታ ስምምነት ነው የሚለው ለዕድር ይሠራ ይሆናል። ቤተሰብ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ያለው ሰው ነው። የዚህ ልጅ አክስት ዝም ያለችው ተስማምታ ነበር? ራሱ ጻፈው እኮ፣ ተናዳ ነው። ዝምታዋን እሺ ብሎ ቢቆጥረው ቅዳሜ ሆኖ ያርፍ ነበር፣ ቂሙ ደግሞ ለዓመት ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ሰባት ተኩል ብሎ ዋሽቶ መጥራት ትክክል አይደለም። ሰዓት አክባሪው ሁሌ ይቀጣል። ከሁለት ስብሰባ በኋላ ሰዉ ይነቃና ሰባት ተኩል ሲባል 8 ተኩል ይመጣል። ከዚያ ስድስት ተኩል ልትሉ ነው?

---

የዕድር ጸሐፊ

መሠረት፣ ሁለተኛው ላይ እውነት አለሽ፣ ሰው ይነቃል። እኛም ስለነቁብን አሁን በግልጽ ነው የምንጽፈው፦ ሰባት ተኩል ቡና፣ 8 ሰዓት አጀንዳ። የዘገየ ቡናው ነው የሚያልፈው። ውሸት የለበትም።

ስለ ዝምታው ግን አልመለስም። ዋና ሰዎቹ በስልክ ተጠይቀዋል፣ እነሱ ላይ ዝምታ የለም። ከተረፉት ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አንብቦ ዝም ያለን ሰው ቅሬታ መገመት የጸሐፊ ሥራ አይደለም።

---

መሠረት

ግሩፑን ድምፁን አጥፍቶ የተወስ? አላነበበም እኮ።

---

ፈረቃ

እኔ ራሴ የቤተሰቡን ግሩፕ ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። በቀን 200 መልእክት ይመጣል፣ ግማሹ «መልካም ቀን» የሚል አበባ ነው። ስሜን ጠርቶ የጻፈ ሰው ግን ይደርሰኛል። ቢያንስ በ@ ጥሩን።

---

የቆጪ ልጅ

የላክሁት ይህ ነው፣ ፒን አድርጌዋለሁ፦

«ቤተሰብ፣ የአያታችን ቤት ጣሪያ። እሑድ ግንቦት 9 (ሜይ 17)፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ስልክ ላይ 14:00። ዋሽንግተን ጠዋት 7:00። ቡና ከሰባት ተኩል ጀምሮ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ እናበቃለን። የምንወስነው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ይውጣ፣ ማን ይሥራው። ግንቦት 9 ፈጽሞ የማይችል ካለ ተለዋጩ ግንቦት 16 ነው፣ በዚያው ሰዓት። ከሥር ባለው ፖል እስከ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ይመረጥ።»

ስለ ዝምታው ምንም አልጻፍኩም፣ መሠረት አስፈራችኝ። ያልመረጠውን እደውላለሁ፣ አራት ሰው ቢሆን ነው።

እስካሁን ግንቦት 9 ስድስት፣ ግንቦት 16 ሁለት ነው። አጎታችን ሁለቱም ይሆንላቸዋል። አክስታችን በዚህ ጊዜ የመጀመሪያዋ መራጭ ናት። እህቴ የፈረቃ ፕሮግራሟ ገና አልተለጠፈም፣ ግንቦት 9 ቀን ፈረቃ ከወጣላት ለመቀየር ሰው እየፈለገች ነው።

---

ፈረቃ

ጥሩ ነው። ብቻ እሑድን ከቀየረችለት ልጅ ጋር ቅዳሜ አዳር እንዳትወስድ ንገራት። ብዙዎቻችን የምንወጠረው እዚያ ላይ ነው።

---

የቆጪ ልጅ

ለካ እሱም አለ! አሁኑኑ እደውልላታለሁ።